ሰርቨሩ ሳይጠፋ ከርነሉን መጠገን

ጄፍ አርኖልድ በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ተማሪ ሳለ ሌሎች ተማሪዎች የሚገለገሉበትን ሰርቨር ያስተዳድር ነበር። አንድ ቀን የሊኑክስ ከርነል የደኅንነት ማስተካከያ ወጣ። ማስተካከያው እንዲሠራ ግን ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሳት ግድ ስለነበር፣ ተጠቃሚዎቹን ላለማቋረጥ ሲል ሥራውን ለቅዳሜና እሁድ አቆየው። ሰርጎ ገቦች ቀደሙት። ከዚህ በመነሣት ኬስፕላይስ የተባለውን፣ ከርነልን እየሠራ ሳለ የሚጠግን መሣሪያ ሠራ። ኦራክል ኬስፕላይስን በ2011 እ.ኤ.አ. ገዛው፤ ሊኑክስም በ2015 በ4.0 እትሙ የራሱን የቀጥታ ጥገና ዘዴ አካተተ።

ከርነል በፕሮግራሞችና በማሽኑ መካከል ሆኖ ሜሞሪን፣ ፋይልንና ኔትወርክን የሚያስተዳድር የሲስተሙ እምብርት ነው። ሌላውን ፕሮግራም ለብቻው ዘግቶ መክፈት ይቻላል። ከርነሉ ሲዘጋ ግን በላዩ ያለው ሁሉ አብሮ ይዘጋል።

ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ ለማየት በጥቅምት 2016 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነውን ደርቲ ካው የተባለ ቀዳዳ እንውሰድ። ከ2007 ጀምሮ በሊኑክስ ውስጥ የነበረው ይህ ስህተት፣ ማንበብ ብቻ የተፈቀደለት ተራ ተጠቃሚ በፋይሉ ላይ እንዲጽፍ መንገድ ይከፍት ነበር። የይለፍ ቃል ፋይሉን መለወጥ የቻለ ሰው ደግሞ የመላው ማሽን ባለቤት ሆነ ማለት ነው። ማስተካከያው ግን ትንሽ ነበር፤ mm/gup.c በተባለው ፋይል ውስጥ የሁለት ፋንክሽኖችን አካሄድ የሚያርሙ ጥቂት መስመሮች ብቻ።

የቀጥታ ጥገና የሚመቸው እንዲህ ላለው ነው። የተስተካከሉት ፋንክሽኖች በሞጁል መልክ ተዘጋጅተው ወደ ሜሞሪ ይገባሉ። የተለመዱት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ፣ በአብዛኞቹ የከርነል ፋንክሽኖች መግቢያ ምንም የማይሠራ የ5 ባይት ቦታ አስቀድሞ ተትቷል። ጥገናው በዚያ ቦታ ላይ ጥሪውን ወደ አዲሱ ፋንክሽን የሚመልስ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ድልድይ ሲበላሽ በመንገዱ አፍ ላይ እንደሚተከል የማዞሪያ ምልክት ማለት ነው። አሮጌው ኮድ አይጠፋም፤ እዚያው ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጣል፣ አዲስ መጪ ግን አይገባበትም።

ችግሩ ምልክቱ ሲተከል ድልድዩ ላይ የነበሩት ናቸው። አንድ ፕሮሰስ ግማሹን ሥራ በአሮጌው ፋንክሽን፣ ግማሹን በአዲሱ ቢሠራ ሁለቱ ላይጣጣሙ ይችላሉ። ስለዚህ ሊኑክስ ሁሉንም ባንድ ጊዜ አያዛውርም። የእያንዳንዱን ፕሮሰስ የጥሪ ሰንሰለት ይመረምራል፤ አሮጌው ፋንክሽን ውስጥ ያለ ካልተገኘ ወደ አዲሱ ያሻግረዋል፣ ከተገኘ ከዚያ እስኪወጣ ይጠብቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ወዲያው ያልቃል። ዲስክ ወይም ኔትወርክ ሲጠብቅ አሮጌው ፋንክሽን ውስጥ የተኛ አንድ ፕሮሰስ ግን ሁሉንም ሊያጓትት ይችላል። ማለቁን ለማወቅ፦

```
cat /sys/kernel/livepatch/*/transition
```

መልሱ 1 ከሆነ ሽግግሩ ገና ነው፤ 0 ከሆነ አልቋል። ፓቹ ተጭኗል የሚለውን መልእክት ብቻ አይቶ ኮምፒውተሩን ትቶ መሄድ አደገኛ ነው፤ ያልተሻገረው ፕሮሰስ አሁንም በአሮጌው ኮድ እየሠራ ነውና።

ዋናው ወሰን የሚመጣው ከኮድ ሳይሆን ከዳታ ነው። ከርነሉ ለወራት ሲሠራ በሜሞሪው ውስጥ እጅግ ብዙ መዝገቦችን ከፍቷል። ማስተካከያው በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ አዲስ መስክ የሚጨምር ከሆነ አሮጌዎቹ ያ መስክ የላቸውም። አዲሱ ፋንክሽን አለ ብሎ ቢያነበው የሌላ ነገር ሜሞሪ ውስጥ ይገባል፣ ሰርቨሩም ሊወድቅ ይችላል። ተጨማሪውን መረጃ ለብቻው የማስቀመጥ ብልሃት አለ፤ ግን እያንዳንዱን ፓች በእጅ መሥራትና በጥንቃቄ መሞከር ይጠይቃል።

በጥር 2018 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ሜልትዳውን ከዚህም ይብሳል። ማስተካከያው የከርነሉን ሜሞሪ ከፕሮግራሞቹ የሚለይ፣ ወደ ከርነል መግቢያውን በር ራሱን የሚቀይር ነበር። በዚያ በር ላይ ያለው ኮድ በአሴምብሊ የተጻፈና የ5 ባይቱ ቦታ የሌለው ነው። የኡቡንቱ አዘጋጅ የሆነው ካኖኒካል ያኔ ደንበኞቹን አዲስ ከርነል ጭነው ሰርቨሩን እንዲያስነሱ ነው ያሳሰበው።

ሌላው የሚረሳ ነገር ፓቹ የሚኖረው በሜሞሪ ውስጥ መሆኑ ነው። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ሲነሣ ዲስኩ ላይ ያለው አሮጌው ከርነል ከነቀዳዳው ይመጣል፤ ፓቹ በማስነሻው ሂደት ውስጥ እንደገና እንዲጫን ካልተደረገ ያ ቀዳዳ ክፍት ነው። uname -r የሚለው ትእዛዝም ከጥገናው በፊትም ሆነ በኋላ ያንኑ ቁጥር ስለሚያሳይ፣ በእሱ ተማምኖ ሰርቨሩ ተጠግኗል ወይም አልተጠገነም ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ሰርቨር የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ የቀጥታ ፓቹን ዛሬውኑ ጫኑ፤ አዲሱን ከርነል ደግሞ ዲስኩ ላይ አስቀምጡና ሰርቨሩ ዳግም የሚነሣበትን ቀን ከተጠቃሚዎቻችሁ ጋር ተነጋግራችሁ አሁኑኑ ቁረጡ።