ለየብቻ ትክክል፣ ሲገናኙ ስህተት

በሶፍትዌር ሥራ ዩኒት ቴስት የሚባለው አንድን ትንሽ የፕሮግራም ክፍል ከሌሎቹ ነጥሎ መፈተሽ ነው። ኢንተግሬሽን ቴስት ደግሞ ለየብቻ የተሠሩ ክፍሎች ሲገናኙ መግባባታቸውን ይፈትሻል። አንዱ ሌላውን እንደማይተካ እ.ኤ.አ. መስከረም 1999 ማርስ ደርሳ የጠፋችው የናሳ መንኮራኩር፣ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር፣ በግልጽ ታሳያለች።

ምድር ላይ ያለ አንድ ፕሮግራም የመንኮራኩሯ ትናንሽ ሞተሮች የሰጡትን ግፊት እያሰላ ፋይል ላይ ይጽፍ ነበር። ሌላው ፕሮግራም ፋይሉን አንብቦ የጉዞ መስመሯን ያሰላል። ስምምነቱ ልኬቱ በኒውተን-ሰከንድ እንዲጻፍ ነበር፤ ጸሐፊው ፕሮግራም ግን በፓውንድ-ሰከንድ ጻፈ። አንድ ፓውንድ ኃይል 4.45 ኒውተን ያህል ነው። ከማርስ ወለል 226 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ታልፋለች የተባለችው መንኮራኩር 57 ኪሎ ሜትር ድረስ ወርዳ ከባቢ አየሩ ውስጥ ገባች።

አንባቢውን ፕሮግራም ብቻውን መፈተሽ የሚፈልግ ሰው ሞተር አያስነሳም፤ በሞተሩ ምትክ ሞክ ያስቀምጣል። ሞክ እውነተኛውን አካል የሚተካ፣ ሲጠየቅም ፈታሹ አስቀድሞ የነገረውን የሚመልስ አስመሳይ ነው። የሚተካው ግን የሚፈተሸውን ክፍል ሳይሆን ያ ክፍል የሚደገፍበትን ነገር ነው። በፓይተን እንዲህ ይጻፋል፦

```python
thruster = Mock()
thruster.impulse.return_value = 10
assert speed_change(thruster, mass=500) == 0.02
```

ግፊቱ 10 ኒውተን-ሰከንድ፣ ክብደቱ 500 ኪሎ ግራም ከሆነ የፍጥነት ለውጡ በሰከንድ 0.02 ሜትር ነው። ፍተሻው ያልፋል፤ ማለፉም ተገቢ ነው፣ ስሌቱ ትክክል ነውና። ነገር ግን 10 ማለት ኒውተን-ሰከንድ ነው ያለው ሞተሩ ሳይሆን ፈታሹ ራሱ ነው። የጸሐፊው ፕሮግራም ፈታሽም በበኩሉ 10 ፓውንድ-ሰከንድ ጠብቆ 10 ቢያገኝ የእሱም ፍተሻ ያልፋል። ሞክ የፈታሹን እምነት መልሶ ስለሚነግረው እምነቱ ሲሳሳት አብሮ ይሳሳታል።

ስህተቱ የሚያዘው ሁለቱ ፕሮግራሞች ያለ ሞክ ሲገናኙ ነው። 44.5 ኒውተን-ሰከንድ እንደሚሰጥ በእጅ የተሰላ ግፊት ለጸሐፊው ይሰጥና የጻፈው ፋይል እንዳለ ለአንባቢው ይቀርባል። የሚጠበቀው መልስ 0.089 ነው፤ የሚመጣው 0.02። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የሚጠበቀው ቁጥር ከራሱ ከፕሮግራሙ ውጤት ከተቀዳ ይህም ፍተሻ በስህተቱ ላይ ያልፋል።

ታዲያ ሁሉንም በኢንተግሬሽን ቴስት መፈተሽ አይቀልም ወይ ቢባል፣ ይህ ፍተሻ ይዘገያል፤ ሲወድቅም ጥፋቱ የጸሐፊው ይሁን የአንባቢው ወዲያው አይናገርም። በሞክ የተጻፈው በአንጻሩ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ሲወድቅም ጣቱን የሚቀስረው ወደ አንድ ፈንክሽን ነው። ስለዚህ የስሌቱ ልዩ ልዩ ሁኔታዎች፣ ለምሳሌ ግፊቱ ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ሲሆን፣ በዩኒት ቴስት ይፈተሻሉ፤ ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት ቦታ ግን ቢያንስ አንድ ኢንተግሬሽን ቴስት ይፈልጋል። ሞኩ የሚመልሰው ቁጥርም በግምት ከሚሞላ ጸሐፊው በእርግጥ ከጻፈው ፋይል ቢወሰድ ይሻላል፤ የልኬቱ አለመግባባት ያኔ በዩኒት ቴስቱ ላይም ብቅ ሊል ይችላል።