በስክሪፕቱ ያልተጻፈውን የሚያወጣ ወረቀት

በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል የታየው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» የአንድ ልጅና የበጉ ታሪክ ነው። የእንዲህ ያለ ፊልም ስክሪፕት ሲነበብ ቀላል ይመስላል፤ በጉን ካሜራ ፊት ማቆም ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚያ የሚያገለግለው ብሬክዳውን የሚባለው ወረቀት ነው። ለእያንዳንዱ ሲን አንድ ቅጽ ይዘጋጅለታል፤ በቅጹም ላይ ተዋናዩ፣ ዕቃው፣ አልባሳቱ፣ ቦታውና ኢፌክቱ በየረድፋቸው ይሰፍራሉ።

ደባርቅ ላይ የሚቀረጽ አንድ ሲን እንፍጠርና እንሞክረው። «ውጭ፣ ገበያ፣ ጠዋት። ልጁ በጉን እየጎተተ በጭጋጉ ውስጥ ይሮጣል። አጎቱ ሲያባርረው ጋቢው ጭቃ ላይ ይወድቃል። በጉ የድንች ጆንያ ይገለብጣል።»

ረዳት ዳይሬክተሩ መጀመሪያ የሲኑን ርዝመት ይለካል። አንድ ገጽ በስምንት ይከፈላል፤ ይህ ሲን ከስምንቱ ሁለቱን ቢይዝ ነው። ቀጥሎ በጽሑፉ ውስጥ ያለውን ነገር ሁሉ በየዓይነቱ በተለያየ ቀለም እያሰመረ ወደ ቅጹ ያወርዳል። እስከዚህ ድረስ ሥራው መገልበጥ ብቻ ነው። ትልቁ ሥራ የሚመጣው «ይህ አምስት ጊዜ ቢደገምስ?» ብሎ ሲጠይቅ ነው።

ጋቢው አንዴ ጭቃ ከነካ ለሁለተኛው ቀረጻ አይሆንም። ስለዚህ አልባሳት ረድፍ ላይ «ጋቢ» ብቻ ሳይሆን «አንድ ዓይነት ጋቢ፣ 4» ተብሎ ይጻፋል። በጉም ይደክማል፤ መልኩ የሚመሳሰል ተጠባባቂና የሚይዘው ሰው ያስፈልጋሉ። ድንቹ በየድጋሚው ታጥቦ ይሞላል፤ አጣቢውም ይመዘገባል። ልጁ ከዚህ በፊት ባለው ሲን ሱሪው ተቀዶ ከነበረና ታሪኩ በዚያው ቀን ከቀጠለ፣ እዚህም የተቀደደውን ይለብሳል። በስክሪፕቱ ላይ ግን ስለ ሱሪው አንድም ቃል የለም። ቅጹ ላይ «የታሪኩ ቀን» የሚል ቦታ የሚቀመጠው ለዚህ ነው፤ በእኔ እምነት ሰዎች ባዶ የሚተዉት ዋናው መስመር እሱ ነው።

ጭጋጉስ? የሰሜን ተራሮች ጭጋግ በቀጠሮ አይመጣም፤ ከመጣም በደቂቃዎች ውስጥ ሊገለጥ ይችላል። ስለዚህ የጭስ ማሽን ኢፌክት ረድፍ ላይ ይገባል። ሜዳማ ገበያ ላይ ግን ነፋስ ጭሱን ይበትነዋል፤ ከቅጹ ግርጌ «ጠባብ መንገድ፣ ነፋስ ሳይነሳ» ተብሎ መጻፍ አለበት። ያ ማስታወሻ ደግሞ ቦታውን ይለውጣል፦ ከገበያው መሃል ወደ ዳር፣ በሁለት ቤቶች መካከል ወዳለ መተላለፊያ።

ቅጹ ጉድለት ካለበት ቀረጻው ሳይጀመር ሊታወቅ ይችላል። አልባሳት ኃላፊው ስክሪፕቱን ለብቻው አንብቦ የራሱን ዝርዝር ያወጣና ከቅጹ ጋር ያስተያያል፤ አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ የሌለ ነገር ስህተቱ ያለበት ቦታ ነው። ዳባት ወይም ደባርቅ ላይ ተሁኖ የጎደለ ልብስ ለማምጣት እስከ ጎንደር መውረድ የቀኑን ብርሃን ይበላል።

ቅጹ የማይነግረው ጊዜውን ነው። ሁለት ስምንተኛ ገጽ የሆነው ይህ ሲን፣ በግ፣ ሕፃን፣ ጭስና ጭቃ ስላለበት ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው የሚያወሩበት ሦስት ገጽ ግን በዚያው ጊዜ ሊያልቅ ይችላል።