የአንደኛ ሚዜው ድምፅ በሰርግ ቪዲዮ ላይ

በአጭር የሰርግ ቪዲዮ ላይ በአንደኛ ሚዜው ድምፅ የሚነበበው ትረካ የሚጻፈው ምስሉ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው። በግብዣ ላይ የሚደረግ ንግግር እንደ ተናጋሪው ይረዝማል፤ ትረካው ግን ምስሉ ከሰጠው ሰከንድ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ሚዜው ከቪዲዮ አዘጋጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው እያንዳንዱ ትዕይንት ከየት ሰዓት እስከ የት እንደሚቆይ የሚያሳይ ዝርዝር ነው።

ቀጥሎ የራሱን የንባብ ፍጥነት ይለካል፦ አንድ ደቂቃ ረጋ ብሎ አንብቦ ቃላቱን ይቆጥራል። 90 ቃል ካነበበ በ10 ሰከንድ የሚበቃው 15 ቃል ነው።

ለምሳሌ የሙሽሪት ሚዜዎች በር ይዘው ሙሽራውን አናስገባም የሚሉበት ትዕይንት 20 ሰከንድ ይቆያል እንበል። የመጀመሪያዎቹ 6 ሰከንዶች ለዘፈኑና ለጭብጨባው ይተዋሉ። በሩ ሲከፈት ሳቁና እልልታው እንዲሰማ ደግሞ የመጨረሻዎቹ 4 ሰከንዶች ባዶ ይሆናሉ። ለሚዜው የቀረው 10 ሰከንድ ነው። ብዙዎች እዚህ ላይ «እህቶቿ በሩን ዘግተው ሲዘፍኑ እኛ ደጅ ቆመን ነበር» ብለው ይጽፋሉ፤ ይህን ግን ተመልካቹ በዓይኑ እያየው ነው። ሚዜው የሚፈለገው ካሜራው ያልደረሰበትን ስለሚያውቅ ነው፦ «መንገድ ላይ ከረባቱን ሦስት ጊዜ አስፈትቶ አሳስሮኛል፤ እዚህ በር ላይ ሲደርስ ግን መናገር እንኳ አቃተው።» ልክ 15 ቃል ነው።

በአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የአረፍተ ነገሩ ፍሬ የሚሰማው በመዝጊያው ላይ ነው። ምስሉ ከዚያ በፊት ከተቀየረ «አቃተው» የሚለው ቃል በሌላ ትዕይንት፣ ምናልባትም በአማቱ ፊት ላይ ይወድቃል። ይህ የሚታወቀው ጽሑፉን ብቻ በማንበብ ሳይሆን ከቪዲዮው ጋር ጮክ ብሎ በማንበብ ነው። መድኃኒቱም ፈጥኖ ማንበብ አይደለም፤ አረፍተ ነገሩን ለሁለት መክፈል ወይም ቃል መቀነስ ነው።

የወላጆች ጉልበት ሲሳምና ሽማግሌ ሲመርቅ ሚዜው ዝም ይላል። ምርቃቱ ከነ«አሜን»ኑ ከየትኛውም ትረካ የተሻለ ድምፅ አለው። ከዚህ ሌላ ትረካው ስለ ሙሽራው «እሱ» ብሎ ከጀመረ መሃል ላይ «አንተ» ማለት የለበትም፤ ተመልካቹ ማን ለማን እንደሚናገር ይጠፋዋል።

ለቀረጻው ስልክ ይበቃል። ልብስ የሞላበት ቁም ሣጥን ተከፍቶ ፊት ለፊቱ ቢነበብ የክፍሉ ማስተጋባት ይቀንሳል፤ ስልኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ርቆ ትንሽ ወደ ጎን ቢሆን ደግሞ ትንፋሹ «ፐ» እና «ፍ» ላይ አይፈነዳም። ያለቀው ሥራ በስልክ ድምፅ ማጉያ ይሞከራል፤ ቃል ከጠፋ ዝቅ የሚደረገው ሙዚቃው ነው።