ሁለት ማሽኖች፣ አንድ አማካይ፦ 100 ዶላር ስንት ዙር ያጫውታል?

አንድ ስሎት ማሽን «ተመላሼ 95 በመቶ ነው» ካለ፣ እጅግ ብዙ ዙር ሲደመር ከተወራረደው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 95ቱ በሽልማት መልክ ይመለሳል፣ 5ቱ ለአጫዋቹ ድርጅት ይቀራል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ግን 95ቱ ዶላር እንዴት ተከፋፍሎ እንደሚመለስ አይነግራችሁም። ያንን የሚያሳየው ቮላቲሊቲ ወይም ተለዋዋጭነት የሚባለው ነው።

እስቲ ሁለት ማሽኖችን በሐሳባችን እንሥራ። በሁለቱም አንድ ዙር 1 ዶላር ያስይዛል። የመጀመሪያው በአማካይ ከሁለት ዙር በአንዱ 1.90 ዶላር ይሰጣል። ሁለተኛው ከ1,000 ዙር በአማካይ አንዴ ብቻ ይሰጣል፤ ሲሰጥ ግን 950 ዶላር ነው። አስሉት፦

1.90 × 1/2 = 0.95
950 × 1/1000 = 0.95

ተመላሻቸው እኩል ነው። ታዲያ 100 ዶላር ይዛችሁ ብትጀምሩስ?

በመጀመሪያው ማሽን ከ100 ዙር በኋላ የሚቀራችሁ ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በ76 እና በ114 ዶላር መካከል ይሆናል። ቀስ እያለ ያልቃል እንጂ ቶሎ አይጠፋም። በሁለተኛው አንድ ዙር የመሸነፍ ዕድላችሁ 0.999 ነው። መቶ ጊዜ በተከታታይ የመሸነፍ ዕድል ደግሞ 0.999 መቶ ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው፣ ወደ 0.905 የሚጠጋ ቁጥር ነው። ከ100 ተጫዋቾች 90 ያህሉ በመቶኛው ዙር ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ ማለት ነው። አንድ ዙር 6 ሰከንድ ቢፈጅ፣ ሁሉም ነገር በ10 ደቂቃ አለቀ!

የሚገርመው እዚህ ጋ ነው። በአንድ ዙር በአማካይ 5 ሳንቲም ስለሚጠፋ፣ 100 ዶላር በሁለቱም ማሽኖች በአማካይ 2,000 ዙር ገደማ ያጫውታል። ግን በሁለተኛው ማሽን ይህን አማካይ ወደ ላይ የሚጎትቱት 950 ዶላሩን ያገኙት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ሊቀጥሉ ይችላሉ። የብዙዎቹ ዕጣ ግን 100 ዙር ብቻ ነው።

ውርርዱን በግማሽ ብንቀንሰውስ? በ50 ሳንቲም 200 ዙር ይገኛል፣ ሽልማቱም 475 ዶላር ይሆናል። ያኔም ከ100 ሰው 82 ያህሉ አንድም ሽልማት ሳያዩ ይጨርሳሉ። ጊዜው ረዘመ እንጂ ድርጅቱ ከእያንዳንዱ ዶላር የሚወስደው 5 ሳንቲም አልተነካም።

«ብዙ ዙር ስለበላኝ አሁን ሊሰጠኝ ነው» የሚለውም ስሌት አይሠራም። ማሽኑ ያለፈውን አያስታውስም፤ ከ99 ሽንፈት በኋላም የሚቀጥለው ዙር ዕድል ያው ከ1,000 አንድ ነው። ስለዚህ የጨዋታው መግለጫ ላይ «ከፍተኛ ቮላቲሊቲ» የሚል ስታዩ፣ 95 በመቶው የብዙ ሰዎች ድምር መሆኑን አስቡ። የእናንተ 100 ዶላር ግን አንድ ብቻውን ነው።