ባትሪ «አለቀ» ስንል ምኑ ነው ያለቀው?

የዚንክ ዘንግ በዚንክ ሰልፌት፣ የመዳብ ዘንግ በመዳብ ሰልፌት ነክረን በጨው ድልድይ እናገናኛቸው። የሁለቱ አዮኖች ክምችት እኩል ሲሆን ቮልቲሜትሩ 1.10 ቮልት ያነባል። ባትሪው ሲሠራ ዚንኩ ይሟሟል፣ የመዳቡ ሰማያዊ ቀለም ይደበዝዛል፣ ንባቡም ይወርዳል። ኔርንስት ልኩን አስቀምጦታል፤ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ፦

E = 1.10 − 0.0296 log([Zn²⁺]/[Cu²⁺])

የዚንኩ አዮን የመዳቡን 1000 እጥፍ ሲሆን እንኳ 1.01 ቮልት ይቀራል። ንባቡ ዜሮ የሚገባው ንጽጽሩ 10³⁷ ገደማ ሲደርስ ነው፤ የሚዛን ቋሚው K ይኸው ቁጥር ነው።

ሁለት ኤሌክትሮኖች ስለሚተላለፉ ΔG = −2FE ነው፤ F የፋራዳይ ቋሚ ነው። ስለዚህ ሲጀመር −212 ኪሎጁል በሞል የነበረው የጊብስ ጉልበት ለውጥም አብሮ ዜሮ ይሆናል። ዚንኩ ቢተርፍም፣ ያለቀው ወደ ሚዛን የሚገፋው ኃይል ነው።