የክመርኛ መስመር የት ይሰበር?

በካምቦዲያ ለጤና ረዳቶች የሚዘጋጅ የሥልጠና መመሪያ ወደ ክመርኛ ተተርጉሞ ሲያልቅ፣ ለኅትመት ገና አልደረሰም። ክመርኛ ቃልን ከቃል በክፍተት አይለይም፤ ክፍተት የሚገባው ሐረግ ወይም ዓረፍተ ነገር ሲያበቃ ነው። ድሮ በሁለት ነጥብ፣ ዛሬ በባዶ ቦታ ቃላትን ለምንለይ ለእኛ ነገሩ እንግዳ ነው። የአገሩ አንባቢ ሳይቸገር ያነበዋል። ኮምፒዩተሩ ግን ጽሑፉ ከገጹ ጠርዝ ሲደርስ የት ቆርጦ ወደ ታች እንደሚያወርደው በራሱ አያውቅም።

ለዚህ የሚያገለግል በዓይን የማይታይ ምልክት አለ፤ ኮዱ U+200B ነው። በሁለት ቃላት መካከል ሲገባ ቦታ አይዝም፣ «ካስፈለገ እዚህ ላይ መስበር ይቻላል» ብቻ ይላል። NiDA በሚባለው የክመርኛ ቁልፍ ሰሌዳ የክፍተት ቁልፉ የሚጽፈው ይህንኑ ምልክት ነው፤ የሚታየው ክፍተት የሚገኘው Shift አብሮ ሲነካ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ደግሞ በውስጣቸው ባለ መዝገበ ቃላት እየታገዙ የቃላቱን ወሰን ይገምታሉ። ግምቱ በተለመዱ ቃላት ጥሩ ነው፤ በመድኃኒት ስምና በባዕድ ቃል ላይ ግን ይስታል፣ አንዱን ስም መሐል ለመሐል ይቆርጠዋል።

ከዚህ የሚከፋው ግን እያንዳንዱ ክፍል ትክክለኛ ቃል ሆኖ ሳለ ትርጉሙ ሲዛባ ነው። በክመርኛ «ትክ» ውሃ፣ «ዶህ» ጡት፣ «ምዳይ» እናት ማለት ነው፤ ሦስቱ ሲያያዙ የእናት ጡት ወተት ይሆናሉ። መመሪያው «እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ወተት ብቻ ስጡ» ይላል እንበል። በክመርኛ «ስጡ» እና «ብቻ» ከስሙ ይቀድማሉ። መስመሩ «ትክ» ላይ ከተሰበረ የላይኛው መስመር መጨረሻ «ውሃ ብቻ ስጡ» ተብሎ ይነበባል። ቀጣዩን መስመር ያነበበ ስህተቱን ወዲያው ያርማል፤ በጠባብ የሠንጠረዥ ዓምድ ላይ ዓይኑን ጣል አድርጎ የሚያልፍ ሠልጣኝ ግን ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ጥምር ቃላት በመካከላቸው ምልክቱ አይገባም። ፕሮግራሙ በራሱ መዝገበ ቃላት እንዳይቆርጣቸውም U+2060 የተባለው አያያዥ ምልክት ይጨመራል።

ሌላው ችግር ጽሑፉ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላው ሲገለበጥ ምልክቶቹ የሚጠፉበት ጊዜ መኖሩ ነው። ይህ ሲሆን አንዳንዱ መስመር ከኅዳጉ ያልፋል፣ ሌላው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ሁለቱን ጠርዝ ባስተካከለ ገጽ ላይም ጥቂቶቹ ክፍተቶች ከመጠን በላይ ይለጠጣሉ። እነዚህ በሩቁ ስለሚታዩ ቋንቋውን የማያውቅ የገጽ አቀናባሪም ይለያቸዋል። የ«ትክ» ዓይነቱን ስህተት ግን የሚያየው ክመርኛ አንባቢ ብቻ ነው፤ እሱም ይዘቱን ትቶ የየመስመሩን መጨረሻና መጀመሪያ ብቻ እየተከተለ ማንበብ አለበት። ኅዳጉ ወይም የፊደሉ መጠን ጥቂት እንኳ ከተነካ መስመሮቹ ስለሚዘዋወሩ፣ ይህ ንባብ ወደ ማተሚያ ቤት በሚላከው የመጨረሻ ፋይል ላይ እንደገና መደረግ አለበት።