ከማናውቀው ድርጅት የመጣ የሥራ ልምድ

ሁለት ማመልከቻዎች ጠረጴዛ ላይ አሉ እንበል፤ አንድ መካከለኛ አስመጪ ዋና ሒሳብ ሠራተኛ ይፈልጋል። አንደኛው አመልካች «የፋይናንስ ሥራ አስኪያጅ» ሆኖ አምስት ዓመት ሠርቷል፤ ሁለተኛዋ «ሒሳብ ሠራተኛ» ሆና አራት ዓመት። የሁለቱም አሠሪዎች ስማቸው ተሰምቶ የማይታወቅ ኃላፊነታቸው የተወሰነ የግል ማኅበራት ናቸው። ብዙ ቀጣሪ ማዕረጉን አይቶ የመጀመሪያውን ያነሣል።

ማዕረግ ግን በአነስተኛ ድርጅት ውስጥ ርካሽ ነገር ነው። ባለቤቱ ደመወዝ መጨመር ሲያቅተው ማዕረግ ይጨምራል። በእጅ ያለው ደብዳቤም ብዙ አይረዳም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በሚሰጠው የሥራ ልምድ ማስረጃ ላይ የሥራው ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑና ደመወዙ እንዲገለጽ ያዝዛል እንጂ ድርጅቱ ስንት ሰው እንዳለው ወይም ሠራተኛው ምን ያህል ሥልጣን እንደነበረው እንዲጻፍ አይጠይቅም። በንግድ ምዝገባ ላይ የሚታየው ካፒታልም ያሳስታል፤ የንግድ ሕጉ ለዚህ ዓይነቱ ማኅበር የሚጠይቀው ዝቅተኛ ካፒታል 15,000 ብር ብቻ ስለሆነ፣ በዚያ ካፒታል ተመዝግቦ በሚሊዮኖች የሚነግድ ድርጅት ሊኖር ይችላል።

ስለዚህ የሚነበበው ከማዕረጉ በታች ያለው የሥራ ዝርዝር ነው። የመጀመሪያው አመልካች የጻፈው ደረሰኝ በፒችትሪ መመዝገብ፣ በየወሩ የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቅ፣ ደመወዝ መሥራትና ጥቃቅን ወጪዎችን መክፈል ነው። እነዚህ በአንድ ሰው እጅ የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው። በተለይ የሚመዘግበውም ጥሬ ገንዘብ የሚይዘውም እሱ መሆኑ ብዙ ይናገራል፤ ሰው የሚበቃው ድርጅት ሁለቱን ይለያል። «ሥራ አስኪያጅ» የተባለው ሰው ምናልባት ብቻውን ነበር።

ሁለተኛዋ የዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ነበረች። የሦስት መጋዘን ክምችት ከሒሳብ መዝገብ ጋር ማስታረቅ፣ ለመለዋወጫ ግዥ ኤልሲ ለመክፈት የባንክ ሰነድ ማዘጋጀት፣ ለውጭ ኦዲተር የዓመቱን ሒሳብ ማቅረብ ብላለች። ሦስት መጋዘን ካለ ሦስት ንብረት ያዥ፣ ገቢና ወጪ ሰነድ፣ በየጊዜው የሚከሰት ጉድለት አለ ማለት ነው። ማዕረጓ ትንሽ ቢሆንም ሥራው ሰፊ ነው።

ይህ ግምት ነው፤ የሚረጋገጠው በቃለ መጠይቅ ነው። ቀጥታ «ድርጅቱ ምን ያህል ይሸጥ ነበር?» ብሎ መጠየቅ አይገባም። አመልካቹ የቀድሞ አሠሪውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ በቀላሉ የሚዘረግፍ ሰው ነገ የእናንተንም ይዘረግፋል። ምስጢር የማይነካው ጥያቄ «የደመወዝ ሊስቱ ላይ ስንት ሰው ነበር?» የሚለው ነው። መልሱ ሲጠራጠሩበት በግል ድርጅት የጡረታ መዋጮ ሊፈተን ይችላል፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11፣ በድምሩ ከደመወዝ 18 በመቶ ይገባል። አመልካቹ ራሱ ፈቅዶ የወሩ መዋጮ 36,000 ብር ያህል ነበር ካለ፣ ጠቅላላው ደመወዝ 200,000 ብር ነው። አማካዩ 10,000 ከሆነ ሃያ ሰው ገደማ ይሆናል። ሰማንያ ነበርን ያለ ሰው እዚህ ላይ ይጋለጣል።

የሰው ቁጥር ብቻውን ግን የኃላፊነት መለኪያ አይደለም። ስድስት ሠራተኛ ያለው አስመጪ ከጉምሩክ፣ ከባንክና ከውጭ ምንዛሪ ጋር የተቆላለፈ ሒሳብ ይኖረዋል፤ ስድስት መቶ ጥበቃ የሚያሰማራ ድርጅት ደግሞ ዋና ወጪው ደመወዝ ስለሆነ መዝገቡ ቀለል ያለ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔ ከሁሉ የምመርጠው ጥያቄ «ቼክ ላይ ማን ይፈርም ነበር? ባለቤቱን ሳትጠይቁ እስከ ስንት ብር ታጸድቁ ነበር?» የሚለው ነው። በቤተሰብ ድርጅት ውስጥ ፈራሚው ብዙውን ጊዜ ወንድም ወይም ሚስት ናት፤ የፋይናንስ ሥራ አስኪያጁ ቼኩን ሞልቶ ያቀርባል እንጂ አይፈርምም። ይህ ነውር አይደለም፤ ሰውየው የወሰነውና ያዘጋጀው ግን ይለያሉ። እውነተኛ ሥራ የሠራ ሰው ለዚህ ጥያቄ ታሪክ አለው፤ የትኛው ክፍያ እንደተመለሰበት፣ ለምን እንደተመለሰ ይናገራል። ማዕረጉን ብቻ የተሸከመ ሰው «ሁሉንም እኔ ነበርኩ» ብሎ ያልፋል።

ወደ ሁለቱ አመልካቾች ስንመለስ፣ አስመጪው መጀመሪያ መጥራት ያለበት የዱቄት ፋብሪካዋን ሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ክምችትና ኤልሲ የሱም ራስ ምታቶች ናቸውና። ሰውየውም አይጣል። ብቻውን አምስት ዓመት ቫት ያሳወቀ ሰው ከሰነድ እስከ ግብር ያለውን መንገድ ሁሉ ያውቃል፤ ሥራውን አንድ ሰው ለሚሸፍንበት አዲስ ቅርንጫፍ ይመጥናል። እሷ ላይ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከሦስቱ መጋዘኖች ጉድለት ሲገኝ የመጨረሻውን ማስተካከያ ያጸደቀችው እሷ ናት ወይስ ሌላ ሰው?